ከስብሰባ በኋላ የተጻፈውን የቴሌግራም መልእክት ወደ አጭር ቃለ ጉባኤ እንዴት እንቀይረው?

አብዛኛው ስብሰባ የሚያልቀው አዳራሽ ውስጥ አይደለም። ሰው ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲያወጣ፣ ግሩፑ ላይ «እንደተባባልነው» ብሎ ሲጀምር ነው ሁለተኛው ዙር የሚከፈተው። አንዱ የተወሰነውን ያስታውሳል፣ ሌላው «እኔ አመጣለሁ» ይላል፣ ሦስተኛው አውራ ጣት ይለጥፋል፣ አራተኛዋ ደግሞ በድምፅ ትልካለች። ከሳምንት በኋላ «ማን ነበር ይሄን የያዘው?» ሲባል መልሱ እዚያው ግሩፕ ውስጥ አለ፤ ግን ከመቶ መልእክት ሥር ተቀብሯል።

ይህን ወሬ ወደ አጭር ቃለ ጉባኤ መቀየር ብዙ ሰው የማሳጠር ሥራ ይመስለዋል። አይደለም። ማሳጠሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ምን እንደተወሰነ፣ ማን እሺ እንዳለና እስከ መቼ እንደሆነ ለይቶ ማውጣት፣ የጎደለውን ደግሞ ከራስ ሳይሞሉ ባለቤቱን መልሶ መጠየቅ ነው።

በአንድ ምሳሌ እንየው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ኮሚቴ ነው፤ ምሳሌውንም ስሞቹንም እኔ ለማስረዳት ያዘጋጀኋቸው ናቸው። ስብሰባው እሁድ ኅዳር 7 ቀን 2018 ከሰዓት ተደርጓል። ጸሐፊዋ ሰላም ናት። ከስብሰባው በኋላ ግሩፑ ላይ የመጣው ይሄ ነው፦

ጋሽ ታደሰ (ሰብሳቢ)፦ «ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እንደተባባልነው ፓምፑ ይገዛ። ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ ይሰብሰብ።»

ዳዊት፦ «እኔ መርካቶ ስለምውል እስከ 21 አመጣለሁ።»

ሄለን (ገንዘብ ያዥ)፦ በድምፅ፣ «ፓምፑ ከ40 በላይ ከሆነ ግን ሳይገዛ መጀመሪያ እንነጋገር ተባብለናል፣ እንዳይረሳ።»

ጋሽ ታደሰ፦ «ልክ ነው። የጥበቃው ደሞዝም ከሚቀጥለው ወር ይጨመራል ብለናል።»

ሄለን፦ «500 ነው የተባለው።»

ወ/ሮ ሙሉ፦ «እኔ 300 መስሎኝ።»

ዮናስ (ሌሊት 6፡20)፦ «መዋጮ ያልከፈሉትን ነገ አናግራቸዋለሁ። እሳቸውም ቢደውሉላቸው ጥሩ ነው። የደረጃው መብራትስ?»

ጋሽ ታደሰ (ሰኞ ጠዋት)፦ «ይታያል።»

ወ/ሮ ሙሉ፦ «ለሚካኤል ግቢውን ብናጸዳስ? ኅዳር ሲታጠን ነው እኮ።» (አራት አውራ ጣት)

ይህን ያነበበ ሰው «ግልጽ ነው፣ ሁሉም ተነጋግሯል» ሊል ይችላል። ግን አንድም መስመር እንዳለ ተገልብጦ ቃለ ጉባኤ ላይ ሊገባ አይችልም።

ከግሶቹ እንጀምር። «ይገዛ»፣ «ይሰብሰብ»፣ «ይጨመራል»፣ «ይታያል»። አማርኛ ሠራተኛውን ሳይጠራ ሥራውን መናገር በጣም ይመቸዋል። ስብሰባ ላይ ደግሞ ይህ አነጋገር ጨዋነትም አለው፤ ሰው ላይ ጣት አይቀስርም። ቃለ ጉባኤ ላይ ሲገባ ግን ሥራውን ባለቤት አልባ ያደርገዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን እንዲህ ዓይነት ግስ ስታገኙ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። «ፕሮፎርማ ይሰብሰብ» ለሚለው መልስ አለ፣ ቀጥሎ ዳዊት «አመጣለሁ» ብሏል። «ፓምፑ ይገዛ» ለሚለው ግን የለም። ፕሮፎርማ የሚያመጣው ዳዊት ነው፤ ገዢው ማን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። «ይታያል» ደግሞ ማንም የማያየው ነገር ነው።

በተቃራኒው «አመጣለሁ» እና «አናግራቸዋለሁ» እውነተኛ ቃል ናቸው፤ ሰውዬው ራሱ በራሱ አንደበት ሥራውን ወስዷል። «እሞክራለሁ»፣ «ካገኘሁ»፣ «ባመጣ ጥሩ ነው» የሚሉት ግን እዚያ ደረጃ አልደረሱም። እነዚህን ወደ ቃል ኪዳን ቀይሮ መጻፍ በሰው ስም መፈረም ነው። የሚያዋጣው ለሰውዬው ለብቻው ጽፎ «ኃላፊነቱን ባንተ ስም ልጻፈው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የአክብሮት አነጋገራችን የሚፈጥረው ችግር ደግሞ አለ። ዮናስ «እሳቸውም ቢደውሉላቸው» ብሏል። እሳቸው ማን ናቸው? ጋሽ ታደሰ ናቸው ወይስ ወ/ሮ ሙሉ? አንቱታው ሴትና ወንዱን አይለይም። «ቢደውሉ» የሚለውም አንድ ትልቅ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። ስብሰባው ላይ የነበረ ሰው ከወሬው ፍሰት ይረዳው ይሆናል፤ ከወር በኋላ የሚያነበው ግን አይረዳውም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤ ውስጥ «እሱ»፣ «እሷ»፣ «እሳቸው» አይግቡ። ሁልጊዜ ስም ይጻፍ። ግሩፑ ውስጥ ሁለት ዳዊት ካለ የአባት ስም ወይም የቤት ቁጥር ይጨመር። «ጋሽ» እና «እትዬ» ለወሬው ያማሩ ናቸው፤ ጽሑፉ ላይ ግን ሁሉም በአንድ ወጥ አጠራር፣ አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት ቢሆን ይሻላል።

አሁን ወደ ቀኖቹ። እኔ በጣም የምጨነቀው እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም የቀን ስህተት አይታይም። ስም ሲጎድል ሰው ይጠይቃል፣ የተሳሳተ ቀን ግን ትክክል መስሎ ይቀመጣል።

ዳዊት «እስከ 21» ብሏል። ኅዳር 21 ነው ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ዳዊት ግን ሥራ ቦታው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሚጠቀም ከሆነ፣ ወይም መልእክቱን ሲጽፍ ስልኩ ላይ ያለውን ቀን አይቶ ከሆነ፣ ያሰበው ኖቬምበር 21ን ነው። ያ ደግሞ ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ የሚካኤል ዕለት ነው። ኅዳር 21 ግን እሁድ ነው፣ ሱቆች በአብዛኛው የሚዘጉበት ቀን። በሁለቱ መካከል ዘጠኝ ቀን አለ። ፓምፕ ለሌለው ብሎክ ዘጠኝ ቀን ውሃ በጀሪካን ደረጃ ላይ ማውጣት ማለት ነው። እሁድ መሆኑ ብቻውን መጠራጠር ያለብን ምልክት ነው፤ ቀኑን ከሳምንቱ ቀን ጋር ስታስተያዩት የማይገጥም ነገር ካለ ብዙ ጊዜ የአቆጣጠር መደባለቅ ነው። ለዚህ ነው ቃለ ጉባኤ ላይ ሁልጊዜ የሳምንቱን ቀን ከወሩ ቀን ጋር አብሮ መጻፍ የሚጠቅመው። «ዓርብ ኅዳር 12» ከተባለ፣ ከሁለቱ አንዱ ስህተት ቢሆን ሌላው ያጋልጠዋል። ውጭ አገር የሚኖር አባል ካለ ደግሞ የፈረንጁን ቀን በቅንፍ መጨመር ነው።

የዮናስ «ነገ» ደግሞ ሌላ ወጥመድ ናት። ሌሊት 6፡20 ላይ ነው የጻፈው። ለእኛ ያ ገና የእሁድ ሌሊት ነው፤ ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ ነው። ለቴሌግራም ግን ከእኩለ ሌሊት አልፏል፣ ስለዚህ መልእክቱን ሰኞ ሥር ያስቀምጠዋል። ሰላም መልእክቱን ከላይ ባለው ቀን ብታነበው «ነገ» ማክሰኞ ይሆናል። በዮናስ አእምሮ ብታነበው ደግሞ ሰኞ ይሆናል። ማንኛውም «ነገ»፣ «ከነገ ወዲያ»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት»፣ «ከበዓሉ በኋላ» መልእክቱ ከተጻፈበት ሰዓት ተነስቶ ወደ ትክክለኛ ቀን መቀየር አለበት፤ ጥርጥር ካለ ደግሞ ይጠየቃል። «ከሚካኤል በኋላ» የሚባለውም እንደዚያው ነው፤ ሚካኤል በየወሩ በ12 አለ፣ «በኋላ» የሚለው ደግሞ ማብቂያ የለውም። ሰዓትም ላይ እንዲሁ፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት»፣ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ፣ «3፡00» ብቻ አይበቃም።

ቀጥሎ ውሳኔን ከሐሳብ መለየት አለ። የወ/ሮ ሙሉ የጽዳት ሐሳብ አራት አውራ ጣት አግኝቷል፤ ጥሩ ሐሳብም ነው። ግን ስብሰባው ላይ አልተነሳም፣ ሰኞ የመጣ ነው። አውራ ጣት ደግሞ አንዳንዱ ሰው «እስማማለሁ» ሊልበት፣ ሌላው «አይቻለሁ» ሊልበት፣ ሌላው ወ/ሮ ሙሉን ደስ ሊያሰኝ ይጠቀምበታል። ስለዚህ የእሁዱ ስብሰባ ውሳኔ ተደርጎ ሊጻፍ አይገባም። ይህን የምለው ለሥርዓት ብዬ አይደለም። ስብሰባው ላይ ያልነበረን ነገር «ተወስኗል» ብሎ መጻፍ አንዴ ከተለመደ፣ ነገ አንድ ሰው ገንዘብ የሚያወጣ ነገር ግሩፑ ላይ ጥሎ ሦስት አውራ ጣት አግኝቶ «ተወስኗል እኮ» ሊል ይችላል። ከስብሰባ በኋላ የመጣ ነገር በራሱ ርዕስ ሥር፣ ሐሳብ ተብሎ ይቀመጥ።

ደሞዙ ላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች ሁለት ቁጥር ተናግረዋል። እዚህ ጋ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት የገንዘብ ያዥዋን ቁጥር መውሰድ ነው፤ ሒሳብ የምትይዘው እሷ ስለሆነች። ወይም ጸሐፊዋ ራሷ የምታስታውሰውን ትጽፋለች። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የተስማሙበት ጭማሪ መኖሩ ነው፣ ያልተስማሙበት መጠኑ ነው። ሁለቱን ለያይቶ እንዳለ መጻፍ ይቻላል። ጭማሪው ከታኅሣሥ ደሞዝ ስለሚጀምር ለማጣራት ጊዜ አለ።

የሄለን የድምፅ መልእክት ደግሞ የግድ መደመጥ አለበት። ከላይ እስከ ታች ጽሑፉን ብቻ አንብቦ የሚያልፍ ጸሐፊ «ፓምፕ እንዲገዛ ተወስኗል» ብሎ ይጽፍና ቅድመ ሁኔታውን ይዘለዋል። ውሳኔው ግን ያለ ቅድመ ሁኔታው ሌላ ውሳኔ ነው። «40» የሚለውም መዘርዘር አለበት። 40,000 ብር መሆኑን ከወሬው እንረዳለን፤ የፓምፑ ብቻ ነው ወይስ የመግጠሚያውም ጭምር? ይህን ከወሬው ማወቅ አይቻልም።

እንግዲህ ሰላም ቃለ ጉባኤውን ከመጻፏ በፊት የምትልካቸው ጥያቄዎች አሉ። ግሩፑ ላይ በጅምላ «እስቲ ያልተሟላውን አሟሉ» ብትል ማንም አይመልስም። ለእያንዳንዱ ለብቻው፣ ሁለት ምርጫ አስቀምጣ ብትጠይቅ ግን ሰው ባንድ ቃል ይመልሳል፦

«ዳዊት፣ 21 ያልከው ኅዳር 21 እሁድ ነው ወይስ በፈረንጅ 21፣ የፊታችን ዓርብ?» መልስ፦ «የፊታችን ዓርብ።»

«ሄለን፣ 40,000 የመግጠሚያውን ይጨምራል?» መልስ፦ «አዎ፣ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር።»

«ዮናስ፣ ነገ ያልከው ሰኞ ነው ማክሰኞ? ይደውሉ ያልከውስ ማንን ነው?» መልስ፦ «ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ነው። ጋሽ ታደሰን ነው ያልኩት።»

ዮናስ ማክሰኞ ነው ማለቱን ልብ በሉ። ሌሊቱ የእሁድ ነው ብለን ሰኞ ብለን ብንጽፍ ኖሮ፣ ሰውዬው ጊዜው ሳይደርስ «አላደረገም» ተብሎ ይወቀስ ነበር።

የጋሽ ታደሰ ጥያቄ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትልቅ ሰው ላይ ሥራና ቀን መቁረጥ ይከብዳል፤ ብዙ ቃለ ጉባኤ ላይ «ኮሚቴው ይከታተላል» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚበዛው በዚህ ይሉኝታ ነው። «ኮሚቴው» ተብሎ የተጻፈ ሥራ ግን እያንዳንዱ አባል ሌላው የያዘው ይመስለዋል። ሰላም እንዲህ ብትል ክብሩም ይጠበቃል፣ መልሱም ይገኛል፦ «ጋሽ ታደሰ፣ መዋጮ ላልከፈሉት እርስዎም እንዲደውሉ ዮናስ ሐሳብ አቅርቧል። በእርስዎ ስም ልጻፈው? የትኛው ቀን ይመችዎታል? የደረጃውን መብራትስ ማን ይየው? ፓምፑንስ የሚገዛው ማን ይሁን?» እሳቸውም መለሱ እንበል፦ «መደወሉን ጻፊው፣ እስከ ሐሙስ እጨርሳለሁ። መብራቱ ላይ ግን አልተነጋገርንም። ግዢውን ፕሮፎርማው ሲመጣ እንወስናለን።»

አሁን መጻፍ ይቻላል። ሰንጠረዥ አትሥሩ፤ ስልክ ላይ ይበታተናል፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚያነበው በስልክ ነው። አጭር መስመሮች ይበቃሉ፦

የነዋሪዎች ኮሚቴ አጭር ቃለ ጉባኤ
እሁድ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.
የተገኙ፦ አቶ ታደሰ (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሪት ሄለን (ገንዘብ ያዥ)፣ ወ/ሮ ሙሉ፣ አቶ ዳዊት፣ አቶ ዮናስ፣ ወ/ሪት ሰላም (ጸሐፊ)

የተወሰኑ
1. የውሃ ፓምፕ እንዲገዛ ተወስኗል። ዋጋው መግጠሚያውን ጨምሮ ከ40,000 ብር ከበለጠ ሳይገዛ ወደ ኮሚቴው ይመለሳል።
ሥራ፦ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ማምጣት
ኃላፊ፦ አቶ ዳዊት
እስከ፦ ዓርብ ኅዳር 12
ገዢው፦ ፕሮፎርማው ሲመጣ ይመደባል

2. የጥበቃ ደሞዝ ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ እንዲጨመር ተወስኗል። የጭማሪው መጠን አልተረጋገጠም (500 ብር እና 300 ብር ተብሏል)። በሚቀጥለው ስብሰባ ይወሰናል።

ከስብሰባው በኋላ አባላት በራሳቸው የወሰዱት ሥራ
3. መዋጮ ያልከፈሉትን ማነጋገር
በአካል፦ አቶ ዮናስ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9
በስልክ፦ አቶ ታደሰ፣ እስከ ሐሙስ ኅዳር 11

ያልተወሰኑ
4. የደረጃ መብራት፦ ተጠይቋል፣ ኃላፊም ቀንም የለውም።
5. የግቢ ጽዳት ለኅዳር 12፦ ወ/ሮ ሙሉ ከስብሰባው በኋላ ያቀረቡት ሐሳብ።

ይኸው ነው። ምስጋናው፣ «እንደተባባልነው»ው፣ ማን መጀመሪያ ምን እንዳለ የሚለው ሁሉ ወጥቷል። «ያልተወሰኑ» የሚለው ክፍል ግን እንዳይወጣ። ብዙ ሰው ቃለ ጉባኤ የጨረሰ እንዲመስል ብሎ ይተወዋል፤ እነዚያ ነገሮች ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ልክ እንደ አዲስ ተነስተው ሌላ ግማሽ ሰዓት ይበላሉ። እዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ የጽዳቱ ቀን ስለቀረበ፣ ተለይቶ መታየቱ ብቻውን አንድ ሰው «እኔ መጥረጊያና አካፋ አመጣለሁ» እንዲል ሊያደርገው ይችላል።

ሰላም ረቂቁን ሰኞ ማታ ግሩፑ ላይ ትልካለች፣ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምራ፦ «የተሳሳተ ካለ እስከ ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ንገሩኝ፣ ከዚያ በኋላ ከላይ እሰቅለዋለሁ።» ዝም ያለ ተስማምቷል የሚባለው ግን ኮሚቴው አስቀድሞ እንደዚያ ብሎ ከተስማማ ብቻ ነው። ገንዘብ ያለበት መስመር ላይ ዝምታ አይበቃም፤ ሄለን 40,000 የሚለውን አይታ «ልክ ነው» ብላ ብትጽፍ ይሻላል። ስህተት ከተገኘ ታርሞ እንደ አዲስ ይላክ። ቴሌግራም ላይ የተላከን ጽሑፍ ገብቶ ማስተካከል ይቻላል፣ ነገር ግን ቀድሞ ያነበበው ሰው ምኑ እንደተቀየረ አያውቅም፤ በቀድሞው ቀን ሊመራ ይችላል።

ከጸደቀ በኋላም ነገር ይለወጣል። ዳዊት ዓርብ «ሁለት ብቻ ነው ያገኘሁት፣ ሰኞ ልጨርስ» ቢል፣ ኅዳር 12ን አጥፍቶ ኅዳር 15 መጻፍ አይገባም። ከሥሩ ይጨመር፦ «ኅዳር 12፦ አቶ ዳዊት ሁለት ፕሮፎርማ አምጥቷል። ሦስተኛው በጥያቄው ወደ ሰኞ ኅዳር 15 ተዛውሯል፣ ሰብሳቢው ተስማምተዋል።» የመጀመሪያው ቀን ከተሰረዘ ሥራው ስንት ጊዜ እንደተራዘመ ማንም አያውቅም። ለዳዊትም ይጠቅመዋል፤ ዝም ብሎ እንዳልዘገየ፣ ቀኑ ሳያልፍ አስታውቆ እንደጠየቀ ይመዘገብለታል።

ይህ አጭር ጽሑፍ ለውስጥ ሥራ ነው። ሙሉውን ቃለ ጉባኤ ሁልጊዜ አይተካም። የባንክ ሒሳብ ፈራሚ ሲቀየር፣ አመራር ሲመረጥ፣ ውል ሲፈረም ባንኩም ሆነ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚፈልገው አጀንዳው፣ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ፣ ውሳኔው በስንት ድምፅ እንዳለፈ የተጻፈበት፣ አባላት የፈረሙበትና ማህተም ያለው ወረቀት ነው። ቴሌግራም ላይ የተሰቀለ መልእክት ይዞ ባንክ የሚሄድ ሰው ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ አጀንዳ ላይ ካለ፣ መዝገቡ ስብሰባው ላይ ተጽፎ ሰዎች ሳይበተኑ ቢፈርሙበት ይሻላል። በኋላ ፊርማ ለማሰባሰብ ከቤት ቤት መዞር አድካሚ ነው፤ የሚፈርመውም ሰው ያኔ ምን እንደተባለ በትክክል ላያስታውስ ይችላል።

የሚቀጥለው ስብሰባ ሲከፈት ሰላም ከዚሁ ዝርዝር ትጀምራለች። ቁጥር 1፣ ፕሮፎርማው መጥቷል፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው፣ ማን ይግዛ? ቁጥር 2፣ 500 ነው 300? ቁጥር 3፣ ስንት ሰው ከፈለ? ቁጥር 4፣ የደረጃው መብራት አሁንም ባለቤት የለውም፣ ማን ይውሰደው?